ከዳኝነት ወንበር ወደ አስተርጓሚነት

ጎባ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የተማርን ጓደኛ አለኝ። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ በሕግ ዲግሪ ስይዝ እርሱ ባሌ ቀርቶ በሕግ ዲፕሎማ አገኘና ለ12 ዓመታት ያህል በወረዳ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሠራ። በ1999 ዓ.ም. ለባለቤቱ ዲቪ ደረሳትና ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ ገቡ። ዛሬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ አገር ቤት መጥቶ ሮቤ ዘመድ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ፣ ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀች የጎረቤት ልጅ ልታማክረው መጣች። ባሏ ሚኒሶታ ነው፤ ጉዳይዋ አልቆላት ለመሄድ ተዘጋጅታለች። «ጋሼ፣ ዲግሪዬ እዚያ ይሠራል ወይ?» አለችው። ያንን ቀን ከቡና እስከ ራት የተነጋገርነው ለእርሷ ብቻ የሚቀር መስሎ ስላልታየኝ ለአንባቢ ላካፍለው ወደድኩ።

በቅድሚያ ስለ ሕግ ትምህርት አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሐኪም ተሰደደ ቢባል የሰው ልጅ ጉበት ባሌም ሆነ ባልቲሞር ያው ጉበት ነው። ፈተናው ቢከብድም የሚጠየቀው የሚያውቀውን ነው። የሕግ ባለሙያ ግን የተማረው ራሱ ድንበር ላይ ይቀራል። የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የፈረንሳዊው የሬኔ ዳቪድ ሥራ ነው፤ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ደግሞ የስዊሱ ዣን ግራቨን ናቸው። ሁለቱም ከአውሮፓ አህጉር የሕግ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። አሜሪካ ደግሞ የእንግሊዞቹን ወግ ይከተላል፤ ዳኛ የፈረደው ለቀጣዩ ዳኛ ሕግ ይሆናል። ስለዚህ «ዲግሪህ አይታወቅም» ሲሉ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም።

ይሁን እንጂ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ለውጭ ተማሪ በሩን ከከፈቱት ስቴቶች ዋነኛዋ ኒውዮርክ ናት። የኒውዮርክ ደንብ የውጭ የሕግ ዲግሪን በሁለት ሚዛን ያስቀምጠዋል። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ትምህርቱ ከአሜሪካው የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ጋር የሚመጣጠን ርዝመት አለው ወይ? ሁለተኛው ይዘት ነው፤ የተማርከው በእንግሊዙ ወግ ላይ የተመሠረተ ሕግ ነው ወይ? ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከጎደለ፣ በአሜሪካ እውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ትምህርት ወስደህ ጉድለቱን ሞልተህ ለጥብቅና ፈተና ትቀመጣለህ። ሁለቱም ከጎደሉ ግን ማስተርሱ አያድንህም።

እዚህ ላይ የጓደኛዬና የእኔ መንገድ ይለያያል። የአገራችን የሕግ ዲግሪ በጊዜው በኩል አያንስም፤ የሚጎድለው ይዘት ብቻ ነው። ስለዚህ የዲግሪ ባለቤት ገንዘቡን ካገኘ ጉድለቱን ይሞላል። የጓደኛዬ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ግን በጊዜም በይዘትም ጎደለ። አሥራ ሁለት ዓመት መፍረዱ በዚህ ሚዛን ላይ ቦታ የለውም። ጠበቃ ልሁን ቢል ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ አራት ዓመት፣ ከዚያ በሕግ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት፣ በድምሩ ሰባት ዓመት ይጠብቀዋል። ዕድሜው ሠላሳዎቹን እያገባደደ ነበር፤ ሦስት ልጅ አለው። «የመኪና ማቆሚያ ገባሁ» አለን፤ ሦስት ዓመት ያህል መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ ከረመ። በነገራችን ላይ ዋሽንግተን ውስጥ መኪናዎን የሚያቆምልዎት አበሻ ከሆነ ድሮ ምን እንደነበረ ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ ያስደነግጥዎታል።

አስተርጓሚነትን ያገኘው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንዲት የሰፈሩን እናት ሊያስታምም ሄዶ ሐኪሙ የሚለውን ሲነግራት፣ ነርሷ «ይህን የምትሠራው ማን ሆነህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ቁጣ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን ዘመድ እንዲያስተረጉም አይፈለግም፤ ለሥራው የሠለጠነ ሰው አለ፤ አማርኛ የሚችል ደግሞ በቂ የለም። ለሕክምና አስተርጓሚነት ዕውቅና ለማመልከት የሚፈለገው ሥልጠና ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ሰባት ዓመት ሲጠብቅ ለነበረ ሰው አርባ ሰዓት የቀልድ ያህል ነበር። ማታ ማታ ተማረ፤ ከመኪና ማቆሚያው ሳይለቅ ሆስፒታል መላላክ ጀመረ።

ወደ ፍርድ ቤት የሚያስገባው ፈተና ግን ሌላ ነው። ብዙ ስቴቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ፈተና ሁለት ደረጃ አለው። የጽሑፉ 135 ጥያቄ ሲሆን በእንግሊዝኛ ነው፤ የቋንቋ፣ የፍርድ ቤት ቃላትና የሥነ ምግባር ጥያቄዎች አሉበት፤ ለማለፍ 80 በመቶ ያስፈልጋል። ለቀድሞ ዳኛ ይህ አልከበደውም። የቃሉ ፈተና ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰነድ እያዩ በቃል መተርጎም፣ ጠያቂና ምስክር ሲነጋገሩ ተራ በተራ መተርጎም፣ እና ተናጋሪው ሳያቆም አብሮት እኩል መተርጎም። ሦስተኛው በደቂቃ 120 ቃል አካባቢ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ክፍል 70 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው፤ የአንዱ ብልጫ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። አብዛኛው ተፈታኝ በመጀመሪያው አያልፍም። ጓደኛዬም ወደቀ።

የወደቀበት ምክንያት ነው እኔን ያስደነቀኝ። በእንግሊዝኛ አልወደቀም፤ በዳኝነቱ ወደቀ። በእኛ ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዘመን የምስክርን ቃል በእጁ የሚጽፈው ዳኛው ነው። ምስክሩ ይናገራል፤ ዳኛው ፍሬ ነገሩን ለቅሞ፣ በሕግ አማርኛ አስተካክሎ፣ «ምስክሩ ቀርቦ እንዳስረዳው» ብሎ ያሰፍራል። ጓደኛዬ ይህን 12 ዓመት ሠርቶታል፤ ገለባውን ከፍሬው መለየት ሙያው ነበር። ለአስተርጓሚ ደግሞ ገለባ የሚባል ነገር የለም።

ምሳሌውን ራሱ እንደነገረን ላቅርበው። አንድ ምስክር እንዲህ ይላል እንበል፦ «ያን ቀን ወደ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እንጃ ብቻ፣ ከቤት ስወጣ ያየሁት መሰለኝ።» ባሌ ቢሆን ዳኛው የሚጽፈው «ምስክሩ ከጠዋቱ በ2፡00 ሰዓት ተከሳሹን ማየቱን አስረድቷል» የሚል ነው። ንጹህና አጭር ነው፤ ግን አራት ነገር ተበላሽቷል። «ወደ» የሚለው ግምት ጠፍቷል፣ «እንጃ ብቻ» ጠፍቷል፣ «መሰለኝ» ጠፍቷል፣ ምስክሩ ያላለው «ጠዋት» ተጨምሯል። አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ ተራ ሰዎች ናቸው፤ የሚመዝኑትም ይህንኑ ማመንታት ነው። አስተርጓሚው «መሰለኝ»ን ከዋጠ ሰው ሊታሰር ይችላል። ፈታኞቹም ነጥብ የሚሰጡት በእንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ነው፤ ቁጥር፣ ስም፣ አፍራሽ ቃል፣ ማመንታት፣ ስድብ ሳይቀር እየተቆጠረ።

ሰዓቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ሁለት ሰዓት የእነርሱ ስምንት ሰዓት ነው። አዲስ አስተርጓሚ በደግነት ስድስት ደምሮ ይናገራል። ምስክሩ ግን አሜሪካ 15 ዓመት የኖረ ከሆነ በእነርሱ አቆጣጠር ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ያለውን እንዳለ «ሁለት ሰዓት» ብሎ መተርጎም፣ ከዚያ «አስተርጓሚው ለፍርድ ቤቱ ማሳሰብ የሚፈልገው በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር የተለየ መሆኑን ነው» ማለትና ጠበቆቹ ራሳቸው ጠይቀው እንዲያጣሩ መተው ነው። የዓመተ ምሕረቱም ነገር እንደዚሁ። «እኔ» የሚለው ቃል በችሎት ውስጥ የምስክሩ ነው፤ አስተርጓሚው ስለ ራሱ ሲናገር «አስተርጓሚው» ይላል።

ጓደኛዬ ይህን የመለቀም አመል ለማራገፍ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ዜና አንባቢውን ከሁለት ሦስት ቃል ኋላ እየተከተለ፣ እዚያው በእንግሊዝኛ መድገም ጀመረ። አንዲት ቃል ሳትቀር። እርሱን ሲለምድ በአማርኛ እያደረገ ይከተል ጀመር። ድምፁን በስልክ ቀርጾ ማታ ያዳምጥና የዘለላቸውን በቀይ ያሰምርባቸዋል። «በመጀመሪያው ወር ቀዩ ከጥቁሩ ይበልጥ ነበር» አለን። በሁለተኛው ፈተና አለፈ።

የሕግ ትምህርቱ የጠቀመውም ቦታ አለ፤ እርሱን መደበቅ አይገባም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከእንግሊዙ ወግ ብዙ የተዋሰ ስለሆነ፣ ክስ ማንበብ፣ የእምነት ክህደት ቃል መጠየቅ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ የሚሉት ሁሉ አዲስ አልሆኑበትም። ያስቸገሩት እኛ ዘንድ የሌሉት ናቸው። እዚያ ተከሳሽ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አይደለሁም ከማለት ሌላ፣ አላምንም ግን ክሱን አልከራከርም የሚል ሦስተኛ መልስ በብዙ ፍርድ ቤቶች ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ የተቀመጠ የአማርኛ ቃል የለም። አዲስ ቃል ፈጥሮ መናገር ተከሳሹን ያደናግራል፤ ዘርዝሮ ማስረዳት ደግሞ የአስተርጓሚ ሥራ አይደለም። መፍትሔው ጥቂት ቃላት ባለው ግልጽ ሐረግ ማለፍና ተከሳሹ ካልገባው ጠበቃውን እንዲጠይቅ መተው ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ያሉትን ሐረጎች በደብተር ይሰበስባል፤ ዛሬ ሦስተኛው ደብተር ላይ ደርሷል።

ኦሮምኛውም የራሱ ታሪክ አለው። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው በአማርኛ ነው። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ሥራ በኦሮምኛና በቁቤ ሲሆን፣ ጓደኛዬ የእናቱን ቋንቋ ለችሎት የሚሆን አድርጎ እንደገና ተምሯል። የሥራ ቋንቋ መቀየር ምን እንደሆነ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል። ይሁንና ለአማርኛ የተዘጋጀው ዓይነት ሙሉ የቃል ፈተና ለኦሮምኛ የለም። ሙሉ ፈተና የሌላቸውን ቋንቋዎች ብዙ ስቴቶች በሌላ የንግግር መመዘኛ አሳልፈው ከሙሉ ምስክር ወረቀት ዝቅ ባለ ደረጃ ይመዘግባሉ። በፌዴራሉ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ሙሉ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለስፓኒሽኛ ብቻ ነው፤ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ በሌላ ደረጃ ነው የሚስተናገዱት።

ከሁሉም የከበደው ምን እንደሆነ ስጠይቀው ዝም ብሎ ቆየና አንድ ጉዳይ ነገረን። ሃያ ዓመት የማይሞላው ያገራችን ልጅ በስርቆት ተከሶ ጠበቃው አጠገቡ ነው። ዐቃቤ ሕግ ጥፋተኛ ነኝ ካልክ አትታሰርም ብሏል። ልጁ መውጣቱን ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኛዬ ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው እንዲህ ያለው ቃል ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ እንደሚችል ያውቃል። ልጁ ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» አለው።

ባሌ ቢሆን ዳኛው አስረድቶት፣ መክሮት፣ ምናልባትም ተቆጥቶት ነበር። እዚህ ግን ደንቡ አንድ ነው፤ የተባለውን ሁሉ መተርጎም። ወደ ጠበቃው ዞሮ፣ በእንግሊዝኛ፣ ያለምንም ጭማሪ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» አለ። ጠበቃው ጥያቄው ለእርሱ አለመሆኑ ገባውና ለአፍታ ቆም አለ። ከዚያ ዜግነቱን ጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲላ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ዜጋ ያልሆነን ደንበኛ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ከአገር የመባረር አደጋ እንዳለበት የማስረዳት ግዴታ የጠበቃው ነው። ቀጠሮ ተለወጠ። ጓደኛዬ ልጁን ከዚያ ወዲህ አላየውም፤ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር እንኳ ብቻቸውን መነጋገር አይፈቀድለትም ነበር። «ብናገር ኖሮ ምክሬ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር። ስሳሳት ግን እርሱ ነው የሚባረረው፤ እኔም ከዝርዝሩ እሰረዛለሁ» አለ። እኔ በግሌ ይህ ደንብ አንዳንዴ ጨካኝ ነው እላለሁ። እርሱ አይስማማም።

ስለ ገንዘቡም ልጅቱ ሳታፍር ጠየቀች፤ ደግ አደረገች። አብዛኛው አስተርጓሚ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ነው። የሚከፈለው በተጠራበት ነው፤ የዓመት ፈቃድ የለውም፤ የጤና መድኑን ራሱ ይገዛል። አማርኛ ብቻውን ሳምንቱን አይሞላም። ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ ጎን ሆስፒታል፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ ማታ ደግሞ በደቂቃ የሚከፈል የስልክ ማስተርጎም አለ። ብዙዎች የሚሰናከሉት በግብር ነው። ለተቀጣሪ አሠሪው ግማሹን የሚከፍልለትን የጡረታና የጤና ግብር በራሱ የሚሠራው ሰው ሁሉንም ይከፍላል፤ እርሱ ብቻ 15.3 በመቶ ነው፤ የገቢ ግብሩ ሌላ ነው። ማንም ከክፍያው ላይ ቀንሶ አያስቀርለትም። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ዓመት የተከፈለውን ሁሉ የእርሱ መስሎት በላው፤ በሚያዝያ ዕዳው መጣ። አሁን ከእያንዳንዱ ክፍያ ሲሶውን ለብቻ ያስቀምጣል።

ሥራው የሚያሰጋውም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ እንዲያስተናግዱ ያዝዝ የነበረው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2025 ተሽሯል። የ1978ቱ የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ሕግ ግን በምክር ቤት የወጣ ስለሆነ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻርም። ችሎቱ ይቀጥላል፤ የቀረው ሥራ ግን ሊቀንስ ይችላል ብሎ ይሠጋል።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። የእርሷ ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ የኒውዮርኩ የ24 ክሬዲት መንገድ ሊሆናት ይችላል። ኑሮዋ ግን ሚኒሶታ ነው፤ የኒውዮርክ ፈቃድ በሚኒሶታ ፍርድ ቤት አያስቆማትም። አንድ ነገር ግን አለ። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የየትኛውም ስቴት የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው የትም ተቀምጦ በዚያ ዘርፍ መሥራት ይችላል። ሚኒሶታ ደግሞ የኦሮሞ ማኅበረሰብ በብዛት የሚኖርበት ነው። ሌላም አለ፤ ጠበቃ ያልሆነ ሰው እንኳ እውቅና ባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሆኖ፣ ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ተሰጥቶት በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው ሊወክል ይችላል። ጓደኛዬ ይህንን ያወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

የመከራት ግን ከሁሉ በፊት ወረቀቷን ነው። ለኒውዮርኩ ምዘና የትምህርት ማስረጃው ከተማረችበት ተቋም በቀጥታ መላክ አለበት፤ በእጇ የያዘችው ኦሪጅናል ቢሆንም አይበቃም። ከሚኒሶታ ሆኖ ሬጅስትራር ቤት ማንኳኳት ከባድ ነው። እርሱ ራሱ ዲፕሎማውን ከሰጠው ተቋም ማስረጃ ለማስላክ ሁለት ዓመት ተመላልሶ ፋይሉ ጠፍቷል ተብሎ ቀርቷል። ስለዚህ ሳትሄድ ሬጅስትራሩን በአካል ማግኘት፣ አሠራሩን መጠየቅ፣ የሚከፈለውን መክፈል፣ ለእርሷ የሚከታተል ሰው በውክልና ማስቀመጥ። ምዘናው ሳያልቅና «ይበቃል» የሚል ወረቀት ሳይመጣ ለማስተርስ አንድ ብር አለመክፈል። አስተርጓሚነቱን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት መጀመር፤ ለጥብቅናው ስትዘጋጅ ቋንቋው ይሳልላታል፤ እንጀራም ይሆናል።

ልጅቱ ሁሉንም በስልኳ ላይ ጻፈች። ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት ሁለተኛውን ቡና ይዘው ገቡና፣ የመንገዱን ነገር እያነሱ ረዘም አድርገው አወሩ። ሲወጡ ጓደኛዬ «እስቲ እትዬ ያሉትን ድገሚልኝ» አላት።

«ነገ ወደ ጎባ መኪና አይኖርም አሉ» አለች።

«‹ይመስለኛል› ያሉትን የት ጣልሽው?»